ከስድስት ዓመት በኋላ ልጅቷም ታድጋለች

ወሬው ሲደርሰኝ እጄ እስከ ክርኔ ሩዝ ውስጥ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ማዳም እንግዳ ጠርታለች፤ እኔ ኡም ሰላል መሐመድ ያለው ቪላ ጓዳ ውስጥ ቆሜ ሩዝ አጥባለሁ። ማቀዝቀዣው ላይ ያስቀመጥኩት ስልኬ ጮኸ። በክርኔ ነካሁት። የአራት ሰከንድ የድምፅ መልእክት ነው፤ ከሹክሹክታ አይበልጥም።

«እቴ፣ ወደቅሁ። በአንዲት ጥያቄ።»

የማን ድምፅ እንደሆነ አላጣሁትም። ዐይን ኻሊድ ሰፈር የምትሠራ ሞግዚት ናት። የሰው መንታ ወንዶች ታሳድጋለች፤ የራሷን አንዲት ሴት ልጅ ደግሞ አገር ቤት እናቷ ዘንድ ትታ መጥታለች። «እቴ» የምትለኝ በሥጋ ተዛምደን አይደለም፤ ከደሴ ወዲያ የመጣ ሰው ሁሉ ዶሐ ሲገባ ዘመድ ስለሚሆን ነው።

«ወደቅሁ» ያለችው የፈተና ነገር ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። ለሷ ዓርቧ ነበር። ማዳሟ አራት ዓመት ሙሉ አንድ የዕረፍት ቀን ሳትሰጣት ቆይታ፣ ትምህርት መማር እፈልጋለሁ ስትላት ለፈተናው አንድ ቀን ፈቀደችላትና እንዲህ አለቻት፦ «የተማሪነት ወረቀት ካመጣሽ ዓርብ ዓርብ ከዙህር ሶላት እስከ መግሪብ ያንቺ ነው። ወረቀት ከሌለ ኸላስ፣ ዓርብም እንደ ማክሰኞ ነው።» ወረቀቱን የሚሰጠው ትምህርት ቤታችን ነው፤ ወረቀቱ የሚሰጠው ደግሞ ከአሥር ስድስት ላገኘ ሰው ነው። እሷ አምስት አገኘች ተባለ።

ከድምፁ ቀጥሎ የፈተና ወረቀቷ ፎቶ መጣ። እጄን አደራርቄ በቀሚሴ ጠረግሁና አጎላሁት። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ አለ። መልሷ «እናት 30፣ ልጅ 6» ይላል። ከጎኑ በዚያው ቀይ እስክሪብቶ፣ ፊደሉ እንደ ዳኛ ጽሑፍ ረዝሞ፣ እንዲህ ተጽፏል፦ «ይህ የራስሽ ዕድሜ ነው። የተጠየቅሽው የጥያቄውን ነው።»

ሳቄ መጣ፤ አስተግፊሩላህ። ሳቁን ግን ወዲያው ተውሁት። ምክንያቱም ያ ጥያቄ ለኔ እንግዳ አልነበረም።

*

ትምህርት ቤት ስል ትምህርት ቤት እንዳይመስላችሁ። ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ትንሽ ምግብ ቤት በላይ ያለች ክፍል ናት። በሥራ ቀን ስድስት ወንዶች ይተኙባታል፤ ዓርብ ከሶላት በኋላ አልጋው ተደራርቦ ግድግዳ ይደገፋል፣ ፕላስቲክ ወንበር ይወጣል፣ ነጩ ሰሌዳ የውስጥ ልብስ ከተሰጣበት ምስማር ላይ ይሰቀላል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጡ ሰዎች ዘጠነኛን የሚጀምሩት እዚያ ነው። እኔ አገር ቤት ሳለሁ ለሰባት ዓመት ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬያለሁ። እዚህ ግን ምግብ አብሳይ ስለሆንኩ፣ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ የሚፈልገኝ ለበዓል ምግብ ጊዜ ነው።

ኮሚቴ ማለት በተግባር ኢንጂነሩ ነው። ሁላችንም «ኢንጂነር» እንለዋለን። መንገድ ሥራ ላይ የቅየሳ ዘንግ ይይዛል። በመሣሪያው አሻግሮ የሚያየው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ይቆማል። የዘንጉ ቀጥ ማለት ወደ ሰውየው ሳይጋባ አልቀረም፤ ዓርብ ዓርብ ሰሌዳው አጠገብ ሲቆም አንገቱ አይዞርም። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ግን ወረቀቱ የኔ ስለሆነ «እሱ» ብዬ ልጻፍ።

ከፈተናው አንድ ሳምንት በፊት የመልስ ቁልፉን በስልክ ላከልኝ። «መምህርት፣ ለወጉ ያህል አንድ ጊዜ እዪልኝ» አለኝ። ለወጉ ያህል! እኔ ውዱእ ሳደርግ እጄን ሦስቴ ታጥቤ አራተኛ ነው ወይስ ሦስተኛ ብዬ የምጨነቅ ሴት ነኝ። ጋዝ ዘግቼ ከበር ተመልሼ የማይ፣ የማዳምን ጨው መያዣ ከስኳሩ ለመለየት በየቀኑ የምቀምስ። ጥንቃቄዬን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም እንዲያውቁት አደርጋለሁ። አንድም ነገር «ለወጉ ያህል» አይቼ አላውቅም።

ዘጠነኛው ጥያቄ እንዲህ ይል ነበር፦ እናት ከልጇ በ24 ዓመት ትበልጣለች። ከ6 ዓመት በኋላ የእናት ዕድሜ የልጇን ዕድሜ ሦስት እጥፍ ይሆናል። አሁን የእያንዳንዳቸው ዕድሜ ስንት ነው?

ኢንጂነሩ የእናትን ዕድሜ እ፣ የልጅን ል ብሎ እንዲህ አስቀምጧል፦

እ = ል + 24
እ + 6 = 3ል

ከዚያ ል + 30 = 3ል፤ ስለዚህ ል = 15፣ እ = 39። ከሥሩ ደግሞ «ማረጋገጫ፦ 39 + 6 = 45፤ 3 × 15 = 45። ትክክል።»

እኔም ቆሜ፣ በአንድ እጄ ሽንኩርት እያገላበጥኩ፣ ቁጥሮቹን እኩልታው ውስጥ ከተትኳቸው። አርባ አምስት በአርባ አምስት። እንደ ሚዛን ልክ። «ማሻአላህ፣ ልክ ነው» ብዬ የድምፅ መልእክት ላክሁ። ሽንኩርቴ አላረረም።

ይኸው ነው ኃጢአቴ። በሩዙ ቀን ግን ያንን ቀይ ኤክስ ሳይ አንድ ነገር ወጋኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሕፃናትን ጠመኔ እየወረወርኩ ያስተማርኳቸው ምን ነበር? «ማረጋገጥ ማለት ራሳችሁ የጻፋችሁትን እኩልታ መልሳችሁ መጠየቅ አይደለም! እኩልታው የናንተ ልጅ ነው፤ እናቱን አይከዳም። ወደ ጥያቄው ተመለሱ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፣ እንደ አዲስ ወደ እኩልታ ለውጡት፣ ቁጥሩን አግቡበት። ከዚያ ሁለተኛውን።» የሰውን ልጅ እንዲህ አድርጌ ስቀጣ ኖሬ፣ ለኢንጂነሩ ቁልፍ ግን ሌባውን በገዛ ወንድሙ አስመሰከርኩለት።

የሩዙን ከረጢት ቀደድሁና በጀርባው ላይ ጻፍሁ። አንደኛ ዓረፍተ ነገር፦ እናት ከልጇ በ24 ትበልጣለች። 39 − 15 = 24። ደኅና ነው። ሁለተኛ፦ ከ6 ዓመት በኋላ። እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አቆምሁና ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል ደግሜ አነበብሁ። ከስድስት ዓመት በኋላ እናት 45 ትሆናለች። ልጅስ? ስድስት ዓመት ለእናት ብቻ አይመጣም። ልጅም 21 ትሆናለች። የ21 ሦስት እጥፍ 63 ነው። 45 እና 63። የባሕርና የየብስ ያህል የተራራቁ።

ከዚያ የሞግዚቷን። 30 − 6 = 24። ከስድስት ዓመት በኋላ 36 እና 12። 3 × 12 = 36። ልክ።

ትክክለኛው እኩልታ እ + 6 = 3(ል + 6) ነበር። ኢንጂነሩ ቅንፉን ረስቷል፤ ልጅቷን ባለችበት አቁሟታል። እኔም አብሬው አቁሜያታለሁ። እንግዶቹ የዚያን ቀን ሩዝ ጨው በዝቶበታል አሉ።

*

በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ ሄድሁ። ሞግዚቷም መጥታ ነበር፤ ማዳሟ ወረቀቱን ይዛ እንድትመለስ ያን ቀን የመጨረሻ አድርጋ ፈቅዳላታለች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«እቴ፣ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ዛሬ እኮ ምግብ የለም።»

«ሒሳብ አለ» አልኳት። «ነይ ግቢ። ወረቀትሽን ይዘሻል?»

«ይዤዋለሁ። ግን እቴ፣ እሱ ያለው እውነት ነው። መጀመሪያ የሞከርኩት የራሴን ነው። ሃያ አራት ዓመት ይበልጣል ሲል የኔና የልጄ ነገር ትዝ አለኝ። ሞከርኩት፤ እሺ አለኝ።»

«ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር?»

«ሁለቱንም አንብቤ ነው እንጂ! አንዱን ብቻማ አርባና አሥራ ስድስትም እሺ ይሉኛል።»

ልቤ ሞቀ። ይህቺን ሴት የጣሏት ሰዎች፣ እኔን ጨምሮ፣ ከሷ የሚያንሱ ነበሩ።

ክፍሉ ውስጥ ያለፉት ተማሪዎች ወንበር ይዘዋል። ከታች ባለው ምግብ ቤት የምታበስለው፣ ሁላችንም «እማማ» የምንላት ባልቴት፣ በር ላይ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣለች። ፊደል አትቆጥርም፤ ግን አንድም ዓርብ አትቀርም። «ሰው ሲማር ማየት ደስ ይለኛል፤ ሲሳሳት ደግሞ የበለጠ» ትላለች።

ኢንጂነሩ ሰሌዳው አጠገብ ቀጥ ብሏል።

«መምህርት! ምን እግር ጣለሽ?»

«ቅሬታ ይዤ ነው።»

«ቅሬታ በጽሑፍ ነው።»

የሩዙን ከረጢት ቁራጭ ዘረጋሁለት። በሁለት ጣት ይዞ ገለባበጠው፤ በአንድ ወገን የሒሳቡ ሥራ፣ በሌላው ወገን የባስማቲ ግመል አለ። ግመሉን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ እኔን ሳይሆን ተማሪዎቹን እያየ ስልኩን አወጣ።

«ቁልፉን ያየው ማን ነው? አዳምጡ።» ድምፄን ለክፍሉ ሁሉ ከፈተው። «ማሻአላህ፣ ልክ ነው።» ከድምፄ በስተኋላ ሽንኩርቱ ይቆላል።

ሰው ሳቀ። ጆሮዬ ነደደ። እዚያው ወደ ባልዲዋ ጠጋ ብዬ ልጠፋ ምንም አልቀረኝ።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «ተሳስቻለሁ። እርስዎም ተሳስተዋል። ስሕተቱ የሁለታችን ነው፤ ኤክሱ ግን የሷ ወረቀት ላይ ነው ያለው። ጥያቄውን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር የሚያነብልኝ ሰው እፈልጋለሁ። እኔ ምንም አልናገርም፤ የሚነበበውን ብቻ እጽፋለሁ።»

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ተማሪ አነበበች። «እናት ከልጇ በሃያ አራት ዓመት ትበልጣለች።»

ሰሌዳውን በሁለት ከፈልሁት። በአንድ ወገን የቁልፉን፦ 39 − 15 = 24። በሌላው የሞግዚቷን፦ 30 − 6 = 24። ኢንጂነሩ ፈገግ አለ።

«ታዲያ? ሁለቱም ልክ ነው።»

«እስካሁን አዎ። ይቀጥላ።»

«ከስድስት ዓመት በኋላ...» አለች ተማሪዋ።

«እዚያ ላይ ቁሚልኝ። ኢንጂነር፣ በእርስዎ መልስ ከስድስት ዓመት በኋላ እናት ስንት ይሆናታል?»

«አርባ አምስት። ይኸው ተጽፏል።»

ጻፍኩለት። «ልጅስ?»

«አሥራ አምስት።»

እማማ ከባልዲዋ ላይ አንገቷን አወጣች።

«አሁን ስንት ናት አልክ?»

«አሥራ አምስት።»

«ከስድስት ዓመት በኋላስ?»

«አሥራ... ጥያቄው እኮ የልጇን ዕድሜ ሦስት እጥፍ ነው የሚለው፣ እማማ። አንቺ ሒሳቡን...»

«ሒሳቡንስ አላውቅም። ልጅ ግን ስምንት ወልጃለሁ፤ አንዷም ቆማ አልጠበቀችኝም!» ጣቷን ወደ ኢንጂነሩ ቀሰረች። «ይኸው ለዚህ ነው እንዴ ያለፈው ረመዳን የላክኸው ጫማ ለልጅህ ሳይገባ ቀረ ብለህ ስታማርር የከረምከው? የዛሬ አምስት ዓመት ትተሃት በመጣኸው እግር ለክተህ ነዋ!»

ሳቁ ደረጃ ድረስ ወረደ። ያ ሳቅ ግን ቶሎ ሞተ፤ ከሳቁት መካከል ስንቱ ስልኩ ላይ የሦስት ዓመት ሕፃን ፎቶ ይዞ ስለ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እንደሚያወራ እኔ አውቃለሁ። አንዲቷ ጸጉሯን እያሻሸች መሬት ታያለች። ለኔም ቢሆን ታናሽ እኅቴ ዛሬም አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ባለፈው ወር ሁለተኛ ልጇን ወለደች።

ጻፍሁ። ከ6 ዓመት በኋላ፦ 39 + 6 = 45፤ 15 + 6 = 21፤ 3 × 21 = 63። በመካከላቸው የእኩል ምልክት ሳይሆን የተሰረዘ እኩል አደረግሁ። በሌላው ወገን፦ 30 + 6 = 36፤ 6 + 6 = 12፤ 3 × 12 = 36። እኩል። ከኋላዬ ስልክ ሁለቴ ጠቅ ሲል ሰማሁ።

ኢንጂነሩ ሰሌዳውን ብዙ አየው። አንድ ጊዜ በጣቱ ቅንፍ የሚያስገባ መሰለኝ። አየር ላይ ነው ግን።

«ይሁን» አለ። «ግን እሷ እኩልታ አልጻፈችም። የራሷን ዕድሜ ነው የገለበጠችው። ይህ ሒሳብ ሳይሆን ዕድል ነው።»

«የማን ዕድሜ ነው?» አልሁ። «የምዝገባ መዝገቡን ይክፈቱልኝ።»

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። በኛ መካከል ዕድሜ የእግዚአብሔርም የእናትም ጉዳይ አይደለም፤ የደላላ ነው። ለመጓዝ ትንሽ የሆነችዋን ይጨምርላታል፣ ያረጀችዋን ይቀንስላታል። እኔ በኢቃማዬ፣ በመኖሪያ ፈቃዴ ላይ፣ ከራሴ በሦስት ዓመት እበልጣለሁ። ሞግዚቷም ሠላሳ ናት፤ ኢቃማዋ ሠላሳ አራት ይላታል። በምዝገባ ቀን «ሠላሳ» ብላ ብትናገር ኢንጂነሩ ራሱ ነው «እኅቴ፣ እዚህ አገር ሰው ማለት ወረቀቱ ነው» ብሎ ሠላሳ አራት ያስጻፋት።

መዝገቡ ተከፈተ። 34።

«ታዲያ» አልሁ፣ «በእርስዎ መዝገብ ሠላሳ አራት ዓመት የሆናት ሴት ሠላሳን ከየት ገለበጠችው?»

እማማ ባልዲዋን መታች። ኢንጂነሩ መዝገቡን ዘጋ።

በዚህ ጊዜ ሞግዚቷ፣ እስካሁን በሩ አጠገብ ቆማ የነበረችው፣ ተናገረች። ድምፅዋ ከመልእክቱ ብዙም ከፍ አላለም።

«ስመጣ ልጄ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከመጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ ለራሴ አንድ ስጨምር ለሷም አንድ እጨምርላታለሁ። ለዚህ እኩልታ ያስፈልጋል እንዴ፣ ኢንጂነር?»

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሒሳብ አይጠይቅም፤ ከሰማይ ይውረድ፣ ከኪስ ይውጣ፣ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ካሟላ መልሱ እሱ ነው። ይህንን ልነግረው አፌን ስከፍት፣ ከወንበሮቹ መካከል የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። አራት ሰዎች የፈተና ወረቀታቸውን እያዩ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። አራቱ ዘጠነኛው ላይ 39 እና 15 ብለው ጽፈው፣ ስድስት አግኝተው፣ ለጥቂት ያለፉ ናቸው። ቁልፉ ከተስተካከለ እሷ ትገባለች፤ እነሱ አምስት ይሆናሉ።

ኢንጂነሩም አይቷቸዋል። ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ፤ ደግ ለመሆን ምክንያት ያገኘ ሰው እፎይታ።

«ያላ፣ ነገር አናብዛ» አለ። «አንድ ሰው ለማስገባት አራት ሰው አላስወጣም። ቁልፉ ባለበት ይቆይ። እኅታችንን ግን ኮሚቴው በልዩ አስተያየት ተቀብሏታል። ሰላም ማውረድ ይኸው ነው።»

«አራቱም በቦታቸው ይቆዩ፣ እሷም ትግባ» አልሁ። «ጥያቄው ላይ የኛ ቁልፍ ተሳስቷል ብለው ይጻፉ፤ ለሁሉም ነጥብ ይስጡ። ማን ይጎዳል?»

«ተሳስቷል ብዬ?» አለ፣ ዘንግ እንደሚይዝ ቀጥ ብሎ። «በኮሚቴው ማኅተም?»

እርጥብ ጨርቅ አንሥቶ ሰሌዳውን ጠረገው። ወረቀቱን እዚያው ጻፈላት፤ በአረብኛና በእንግሊዝኛ፣ ከነማኅተሙ። እሷም አመሰገነችው። እኔም ዓርቧ ተገኘ ብዬ አልሐምዱሊላህ አልሁ። ይህም ሁለተኛው ስሕተቴ ነው። ወረቀቱን መልሼ ማንበብ ነበረብኝ፤ እንደገና ሳላነብ ልክ ነው አልሁ።

*

ማዳሟ ግን አነበበችው። «በልዩ አስተያየት ተቀብለናታል» የሚለው ላይ ጣቷን አሳርፋ ሳቀች አለችኝ። «ይህ እኮ አልፋለች ማለት አይደለም፤ አዘኑልሽ ማለት ነው። እነሱ ካዘኑልሽ እኔም አዝናለሁ፤ በወር አንድ ዓርብ።» ትምህርት ቤታችን ደግሞ ሦስት ዓርብ ተከታትሎ የቀረን ሰው ይሰርዛል። ይህንን ደንብ ያወጣው ማን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። በወር አንድ ዓርብ የሚመጣ ሰው በሁለተኛው ወር ተማሪ አይደለም ማለት ነው። ይኼን ለማረጋገጥ እኩልታ አልጻፍሁም።

ኢንጂነሩን ወረቀቱን እንዲያስተካክል ለመንሁት። ሁለት ቃል ብቻ፦ «ፈተናውን አልፋለች።» በትምህርት ቤቱ የስልክ ቡድን ላይ እንዲህ ብሎ መለሰልኝ፦ «ያን ቀን ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የመምህርት ግምት ነበር። የተረጋገጠ ነገር የለም። ያየ ካለ ይናገር።» የመጣለት መልስ አሥራ ሁለት አሚን እና አንድ የጽጌረዳ ምስል ነው። ለምን «አሚን» እንዳሉ አላውቅም። እማማ ስልክ የላትም፤ ቢኖራትም ፊደል ስለማትቆጥር ምስክርነቷ በጽሑፍ አይሆንም ተባለ። የጫማው ነገር አልተነሣም።

በቡድኑ ውስጥ ሞግዚቷን በተመለከተ ሌላ ወሬ መጣ፤ አልቅሳ ነው የገባችው የሚል። ማን እንደጀመረው አላውቅም። እሷ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እሱም ታክሲ ውስጥ፣ ማንም ሳያየኝ።

ስለዚህ ይኼን የምጽፈው እዚያ ለነበራችሁት ነው።

ያን ዓርብ በዚያች ክፍል ወንበር ይዛችሁ የነበራችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ በተለይ እናንተ አራታችሁ። ከወንበራችሁ ማንም አያነሣችሁም፤ ኢንጂነሩም በራሱ አፍ ብሏል፣ እኔም አልሻም። የናንተን ስድስት አልነካባችሁም። የምለምናችሁ ያያችሁትን ብቻ ነው። ጥያቄውን ያነበብሽው እኅቴ፣ አንብቢያለሁ በይ። ከኋላዬ ስልካችሁን ሁለቴ ጠቅ ያደረጋችሁት፣ ሰሌዳው ከመጠረጉ በፊት ነው፤ ፎቶው አሁንም ስልካችሁ ውስጥ አለ። 45 እና 63፣ 36 እና 36 አብረው አሉበት። ቡድኑ ላይ አንለጥፈውም ካላችሁም ይሁን፤ ለኔ ላኩልኝ፣ እኔ ለማዳሟ አሳያታለሁ። ቁጥር በአረብኛም ቁጥር ነው።

ግን ዛሬ ላኩልኝ። በዚህ ወር ሁለት ዓርብ ቀርታለች፤ ሦስተኛው ከነገ ወዲያ ነው።